አረንጓዴ የሆነው ብር፦ በሐረር ጀጎል አንድ መስኮት ሥር የታየ የጌጣጌጥ ፎቶ ጉዳይ

መነሻ

በኅዳር 2016 ዓ.ም. አንዲት የብር ጌጣጌጥ የምትሸጥ ወጣት አንድ ጥንድ ጉትቻ በጨርቅ ጠቅልላ ቤቴ መጣች። የጎረቤቴ ልጅ ናት። እኔ በድሬዳዋ ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቼ አሁን ሐረር የምኖር ሰው ነኝ። ጉትቻውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ስልኳን ከጎኑ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው ያምናሉ?» አለችኝ።

አላመንኩም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥርት ያለ ብር ነበር፤ በቀጭን የብር ሽቦ የተሠራ ጨረቃ መሰል ቅርጽ፣ በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ የብር እንክብሎች የተደረደሩበት። ስልኩ ላይ ያለው ግን ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ቀላ ያለ፣ ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ የቆየ የመዳብ ዕቃ ይመስላል። አዲስ አበባ ያለች ገዢ ፎቶውን አይታ፣ «ይህ አረንጓዴ ዝገት ነው፤ የተቀባ መዳብ ልትሸጪልኝ ነው» ብላ የከፈለችውን ቀብድ መልሳ ጠይቃለች። ልጅቱ ገንዘቡን መልሳለች። ያናደዳት ግን ገንዘቡ አልነበረም። ጉትቻውን የሠሩት አዛውንት አንጥረኛ ሥራቸው በመዳብ መጠርጠሩ ነው ያናደዳት። እኔንም የያዘኝ ይኸው ነው። ሰውየው ሳምንት ሙሉ የደከሙበት ሥራ በአንድ ፎቶ ስሙ ሊጠፋ አይገባም።

የሆነውን እንዳለ የምጽፈው በቤታቸው ጌጥ እያነሱ የሚሸጡ ሌሎች ሰዎችም ይህንኑ ችግር ሳያውቁት እንደሚሸከሙት ስለማይ ነው። የሰዎቹን ስም አላነሳም።

ሁኔታው

የምትሠራው ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ የቆየ ግቢ ባለች ክፍል ነው። ክፍሏ አንድ መስኮት ብቻ አላት፤ ወደ ሰሜን ትመለከታለች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ የግቢው ግንብ ቆሟል። ሐረር እንደሚታወቀው ግንብ መቀባት ልማድ ነው፤ ይህኛው ደማቅ አረንጓዴ ነው። የክፍሏ ወለልና መቀመጫው መደብ ደግሞ በሐረር ቤቶች ወግ ቀይ የተቀቡ ናቸው። ጣሪያው ላይ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ተንጠልጥሏል።

አነሳሷ እንዲህ ነበር። በመደቡ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት ታነጥፋለች፣ ጉትቻውን ታስቀምጣለች፣ አምፖሉን ታበራለች፣ ስልኩን ከጌጡ አራት ጣት ያህል እስኪቀርብ አስጠግታ ታነሳለች። ሥራዋን የምትጀምረው ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ክፍሉ በጣም የሚደምቀው ያኔ ነውና። «በመስኮት ብርሃን አንሺ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን» ተብላ የተማረችውን ሁሉ አድርጋለች። ምክሩ ስህተት አይደለም። የሚጎድለው መስኮቱ ምን እንደሚያይ መጠየቁ ነው።

መንስኤውን ያገኘንበት መንገድ

መጀመሪያ የሞከረችው ራሷ ናት፤ ከእኔ ከመምጣቷ በፊት በስልኩ ማስተካከያ አረንጓዴውን ለመቀነስ ጥራለች። የላይኛው ክፍል ሲስተካከልላት ታችኛው ይበልጥ ሮዝ ሆነ። ሮዙን ስትቀንስ አረንጓዴው ተመለሰ። ይህ ለእኔ ትልቅ ምልክት ነበር። ፎቶው በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ከወረሰ የስልኩ የቀለም ሚዛን ማስተካከያ ይመልሰዋል፤ ሁሉንም ቦታ እኩል ይገፋዋልና። አንዱ ጎን ሌላ፣ ሌላው ጎን ሌላ ቀለም ከወረሰ ግን አንዱን ሲያድን ሌላውን ያበላሻል። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚታከመው ከማንሳት በፊት ብቻ ነው።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። ጉትቻውን ሳይሆን በደንብ የተወለወለ የሾርባ ማንኪያ እንድታመጣ ጠየቅኋት። ማንኪያውን ጀርባውን ወደ ላይ አድርገን ጉትቻው ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጥነውና ስልኩ ከሚቆምበት አቅጣጫ አየነው። በማንኪያው ጀርባ ላይ ክፍሉ ሁሉ ተሰብስቦ ተቀምጦ ነበር። መስኮቱ እንደ ብሩህ ጥፍር ይታያል፤ የታችኛው ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ የላይኛው ግማሹ የሰማይ ነጭ ነው። ከስር ቀይ ቀበቶ የመሰለ ነገር ዞሮታል፤ መደቡ ነው። በአንድ በኩል ቢጫ ነጥብ አለ፤ አምፖሉ። መሃል ላይ ደግሞ ጥቁር ጥላ፤ እኔና ስልኩ።

ልጅቱ ማንኪያውን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገም። የተወለወለ ብር የራሱ የምንለው ቀለም በጣም ትንሽ ነው፤ የሚያሳየን የቆመበትን ቦታ ነው። በጉትቻው ጠርዝ ያሉት እንክብሎች እያንዳንዳቸው እንደዚህ ማንኪያ ክብ መስታወት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አረንጓዴውን ግንብ፣ ቀዩን መደብና ቢጫውን አምፖል ይዘው ነበር። ገዢዋ ያየችው ዝገት የጎረቤት ግንብ ነው።

ለምን ቀትር ላይ እንደሚብስም ያኔ ግልጽ ሆነ። በኅዳር ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች። የሰሜኑ መስኮት ጥላ ውስጥ ይቆያል፤ ከፊቱ ያለው ግንብ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ ስላዞረ ቀትር ላይ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ታርፍበታለች። ክፍሉ «በጣም የሚደምቀው» ከሰማይ ሳይሆን ከአረንጓዴው ግንብ በሚመለሰው ብርሃን ነበር። ስልኳ ውስጥ የቀሩ የቆዩ ፎቶዎችን ስናይ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተነሱት አረንጓዴያቸው በግልጽ ያነሰ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግንቡ ገና ጥላ ውስጥ ነው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

አምፖሉን አጠፋን። ይህ ቀላሉ ነው። ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ጌጥ ላይ ሲገናኙ ስልኩ ለየትኛው እንደሚያስተካክል አያውቅም።

ቀጥለን ወደ መስኮቱ ሄድን። የታችኛውን ግማሽ ግንቡ ሊታይ በማይችልበት ከፍታ ድረስ በወፍራም ካርቶን ዘጋን፤ ወደ ውስጥ በሚመለከተው ፊቱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፍንበት። ከፍታውን ያገኘነው በዓይናችን ነው፤ አገጫችንን ጌጡ በሚቀመጥበት ቦታ አድርገን ወደ መስኮቱ ስናይ ሰማይ ብቻ እስኪቀር ድረስ ካርቶኑን ከፍ አደረግነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። ስስ ነጭ መጋረጃ መስኮቱን በሙሉ ቢሸፍነው አረንጓዴው የሚጠፋ ይመስላቸዋል። መጋረጃ ብርሃኑን ይበትነዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ቀለሙን ግን ያሳልፈዋል። አረንጓዴ ገብቶ አረንጓዴ ይወጣል።

በቀረው የላይኛው ግማሽ ላይ ነጠላ አጠፍን። ለዚህ ሥራ ከነጠላ የሚሻል ጨርቅ እስካሁን አላየሁም፤ ስስ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሲታጠፍ የብርሃኑን ልስላሴ እንደፈለጉ ይጨምሩበታል። ያለ ነጠላ መስኮቱ ብሩ ላይ ስለታም ነጭ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል፤ በነጠላ ግን ዳሩ የሟሟ ሰፊ ብርሃን ይሆናል። በመጀመሪያው ሙከራ ነጠላውን ጥለቱ በመስኮቱ መሃል እንዲያልፍ አድርጋ ሰቀለችው። ፎቶውን አቅርበን ስናየው በእያንዳንዷ እንክብል ላይ ፀጉር የመሰለች ቀይ መስመር ነበረች። የቀሚሷን ቀለም ነው ብላ ስታስብ እኔ ወደ መስኮቱ አመለከትኩ፤ ጥለቱ ነበር። ነጠላውን ገልብጠን ጥለቱን ከካርቶኑ ጀርባ አስገባነው፤ መስመሯ ጠፋች።

ቀዩን መደብ ለመሸፈን አንዲት የወረቀት ቅጠል አልበቃችም። ጌጡ ከወረቀቱ ዳር አልፎ መደቡን ያያልና። ሙሉ ትልቅ ወፍራም ነጭ ወረቀት አምጥተን ከመደቡ ጀምሮ ወደ ኋላ በቀስታ ተጠማዞ ግድግዳው ላይ እንዲወጣ አደረግነው። ካልታጠፈ፣ ጀርባው ላይ መስመር አይታይም። ከመስኮቱ በተቃራኒ በኩል የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም አቆምን፤ ከመስኮቱ የሚመጣውን ብርሃን መልሶ ጥላውን ያቀለዋል። ልጅቱም ቀይ ሻርፗን አውልቃ ነጭ አደረገች።

ስልኩንም ወደ ኋላ አራቅነው። በአራት ጣት ርቀት ላይ ሁለት ጉዳት ነበር፤ ስልኩ በብሩ ላይ ትልቅ ጥቁር ነጸብራቅ ይሆናል፣ የጌጡም ፊት ከልኩ በላይ ተነፍቶ ጀርባው ይኮሰምናል። ወደ አንድ ስንዝር ተኩል አርቀን በስልኩ ማጉያ ሁለት እጥፍ አቅርበን አነሳን። ስልኳ ለቅርብ ማንሻ ብላ የምትጠቀምበት ሌላ ትንሽ መነጽር ነበረው፤ ፎቶው ግን የደበዘዘ ነበርና ተውነው። ዋናው መነጽር ከራቀ ቦታ አንስቶ ዳሩን መቁረጥ ይሻላል።

የመስኮቱ ግማሽ ስለተዘጋ ብርሃኑ ቀንሷል፤ ስልኩ በእጅ ሲያዝ ፎቶው ይንቀጠቀጣል፣ እንደ አሸዋ የሚታይ ነቁጥም ይሞላዋል። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፈን በሦስት ሰከንድ ቆጣሪ አነሳን። ጣት ስልኩን በነካበት ቅጽበት እንዳይነሳ ማለት ነው።

ስለ ድምቀቱም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊቱ ያለው ሁሉ ነጭ ሲሆን ስልክ ብርሃን የበዛበት ይመስለዋልና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጩ ወረቀት አመድ ይሆናል። ጌጡ ላይ ጣታችንን ተጭነን ይዘን ትኩረቱን ካሰርን በኋላ ድምቀቱን በጥቂቱ ከፍ አደረግን። የት ማቆም እንዳለብን የነገረችን በጣም የምታበራዋ እንክብል ናት። ፎቶውን አቅርበን ስናያት ክብነቷ ከታየ ልክ ነው፤ ቅርጽ የሌላት ነጭ ጠብታ ከሆነች አልፈናል።

ያልሠራው

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያለቀ መሰለን። ፎቶው ንጹሕ ነበር፤ አረንጓዴ የለም፣ ቀይ የለም። አንጥረኛው ዘንድ ወስዳ አሳየቻቸው። አዛውንቱ ስልኩን አርቀው አይተው፣ «ልጄ፣ ይህ ብር አይደለም፤ እርሳስ ነው» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ከቀለሙ ለመዳን ብለን ጌጡን በነጭ ብቻ ስለከበብነው የሚያየው ነገር ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ነጭ ብቻ ያየ ብር ደግሞ ብርነቱን ያጣል። ብርን ብር የሚያስመስለው ብሩህና ጨለማ ጎን ለጎን መታየታቸው ነው። የጉትቻው ጠርዝም በነጩ ወረቀት ውስጥ ሰጥሞ ነበር።

መፍትሔው ጨለማውን መመለስ ነበር፤ ያለ ቀለም። ከጥቁር ካርቶን ሦስት ጣት ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ቆርጠን ከጉትቻው ግራና ቀኝ፣ ከፎቶው ዳር ጥቂት ወጣ ብሎ አቆምናቸው። በስልኩ ውስጥ እየተመለከትን አንዱን ቁራጭ በቀስታ ስናቀርበው በጨረቃው ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ተሳለ፤ እንክብሎቹም አንድ በአንድ ተነጥለው ተነሱ። ከዚያ ሲቀርብ መስመሩ ወፈረና ብሩ ያረጀ መሰለ። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መካከል ነው፤ የሚገኘውም ካርቶኑን በእጅ እያንቀሳቀሱ በማየት ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ጌጥም ይለያያል። አዛውንቱ ሁለተኛውን ፎቶ ሲያዩ ስለ ብሩ ምንም አላሉም፤ አንዱ እንክብል ጠማማ መሆኑን አይተው ጉትቻውን እንድትመልስላቸው ጠየቋት። ፎቶው ልክ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሌላ ስህተት የተሠራው ሳላውቅ ነው። ከእኔ ጋር ከመሥራታችን በፊት አንድ አምባር «ለፎቶ እንዲያበራ» ብላ በአመድና በሎሚ ፈትጋው ነበር። በጥልፉ ስንጥቆች ውስጥ የነበረው ጥቁረት ሁሉ ታጥቦ ወጥቷል። ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም፤ ጥልፉን የሚያሳየው እሱ ነው። ምንም ዓይነት ብርሃን ቢሰጠው ያ አምባር በፎቶ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የምታደርገው የጣት አሻራ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ማጥፋትና አቧራውን ንጹሕ በሆነ የኩል ብሩሽ ማራገፍ ብቻ ነው።

በግንቦት የመጣው ለውጥ

ለስድስት ወር ያህል ያው አሠራር ያለ ችግር ሠራ። «መዳብ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። በግንቦት ግን ደውላ ፎቶዎቹ እንደገና ተበላሹ አለችኝ። አሁን ቀለሙ አልነበረም የተበላሸው፤ ጥላው እንደ ቢላ ስለታም ሆኗል፣ ብሩም ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ መስመር ወጥቷል።

ይህን አስቀድሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ከአውሮፓ የመጡ የፎቶ መጻሕፍት «የሰሜን መስኮት ምረጥ፤ ፀሐይ አትገባበትም» ይላሉ። እነሱ አገር እውነት ነው። ሐረር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች። ቀትር ላይ ከአናታችን ብዙ ስለማትርቅ የክፍሉ ግድግዳ ውፍረት ይከልላታል፤ ጠዋትና ማታ ግን ዘወር ብላ በሰሜኑ መስኮት በሰያፍ ትገባለች። ልጅቱ ጠዋት ማንሳት የለመደችው አረንጓዴውን ለመሸሽ ነበር፤ አሁን ያው ጠዋት ጠላት ሆነባት።

ሰዓቱን ገለበጥነው። በእነዚያ ወራት ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ታነሳለች፤ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፣ ግንቡም ፊቱ ጥላ ውስጥ ስለሚሆን አረንጓዴው ደክሟል። ካርቶኑ ግን እንዳለ ይቆያል። ሌላ ሰዓት የግድ ከሆነ ነጠላውን አራት እጥፍ አድርጋ ከመስኮቱ ክንድ ያህል አርቃ ትሰቅለዋለች። ደመና በሸፈነው ቀን ሰዓት መምረጥ አያስፈልጋትም፤ በክረምት ብዙ ሥራዋን አጠራቅማ የምትጨርሰው በእንደዚህ ያሉ ቀናት ነው።

ለሌላ ቤት የሚያገለግለው

የድሬዳዋ ቤት አረንጓዴ ግንብ ላይኖረው ይችላል፤ የጎረቤት ሰማያዊ ቆርቆሮ በር፣ የታጠበ ብርድ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ ወይም ፀሐይ የመታችው ቢጫ አሸዋማ ግቢ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የእኛን ካርቶንና ከፍታ ከመቅዳት ይልቅ ማንኪያውን ቅዱ። ጌጡ በሚቀመጥበት ቦታ የተወለወለ ማንኪያ አስቀምጡና ከስልኩ ቦታ እዩ። በማንኪያው ላይ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ በጌጡ ላይ ይወጣል፤ ይሸፈን፣ ይነሳ፣ ወይም ይዘጋ። ማንኪያው ላይ ጨለማ ከሌለ ደግሞ ጥቁር ካርቶን ጨምሩ።

ቀለሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሁሉንም ቦታ ከሸፈነ፣ ለምሳሌ ከጠራ ሰማይ የሚመጣው ሰማያዊነት፣ መጨነቅ አያስፈልግም። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ፎቶ አንስታችሁ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን የቀለሙን ሚዛን አስተካክሉ፤ የቀረውም ፎቶ በዚያው ልክ ይስተካከላል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ብሩ ብቻ ቀለም ከያዘ ግን ስልኩን አስቀምጡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

ገና ያልተፈታው

ይህ አሠራር ለብር ነው። ልጅቱ ከብሩ ጋር የድሮ የሙጫ ዶቃዎችም ትሸጣለች፤ በዚያው በነጭ በተከበበ ቦታ ሲነሱ የሞቱ ፕላስቲክ ይመስላሉ። ውበታቸው ብርሃን ውስጣቸው ሲገባ የሚታይ ነውና መስኮቱ ከጎን ሳይሆን ከኋላቸው መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ ሞክረናል፤ ዶቃው አበራ፣ የብሩ መያዣው ግን ጥቁር ሆነ። ከፊት በኩል የምናቆመው ነጭ ወረቀት ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት አሁንም እየፈለግን ነው።

የጌጡን መጠንም ፎቶው ብቻውን አልነገረም። በየካቲት አንዲት ገዢ ጉትቻው ትልቅ መስሏት ገዝታ መልሳለች። አሁን ከዋናው ፎቶ ቀጥሎ ሁለተኛ ፎቶ ታክላለች፤ ያው ጉትቻ በጆሮዋ ላይ፣ በዚያው ግማሽ መስኮት ፊት፣ ነጩን ሻርፕ አድርጋ።